የሰገራ ምርመራ ከቀጥታ ስላይድ እስከ ፎርሞል ኢተር፦ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለሚሠራ ላቦራቶሪ

«ኦቫም ፓራሳይትም አልታየም» የሚለው ውጤት ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን ሊናገር ይችላል። አንድም በሽተኛው ጥገኛ ተሕዋስ የለበትም፤ አንድም የፈተሽነው ሰገራ በጣም ጥቂት ነበር። ወረቀቱን የሚቀበለው ሐኪም ሁለቱን ሊለይ አይችልም። ሊለይ የሚችለው ማይክሮስኮፑ ላይ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው፤ ይህ መመሪያም የተጻፈው ለእሱ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በቀጥታ ስላይድ ላይ የምናስቀምጠው ሰገራ 2 ሚሊግራም ያህል ነው። አንድ ሰው በእያንዳንዱ ግራም ሰገራው ውስጥ 100 የቢልሃርዝያ እንቁላል ቢያወጣ፣ በ2 ሚሊግራም ውስጥ የሚገኘው በአማካይ 0.2 እንቁላል ነው። አምስት ስላይድ ብትሠሩ አንድ እንቁላል ይደርሳችኋል ማለት ነው፤ አንድ ስላይድ ብቻ ከሠራችሁ ደግሞ ምንም ሳታዩ የመቅረታችሁ ዕድል ያይላል። አንድ ስላይድ ለወስፋት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አንዲት ሴት አስካሪስ በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ስለምትጥል ሰገራው ይሞላል። የሺስቶሶማ ማንሶኒ ሴት ግን በቀን የምትጥለው ቢበዛ 300 ገደማ ነው፤ ከዚያም ላይ ብዙው ጉበትና አንጀት ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ መረብ የሚጎትቱ፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚበልቱ፣ ዳር ላይ የሚዋኙና ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች ወደሚመጡበት ላቦራቶሪ ይህ ልዩነት በየቀኑ ይገባል።

ስለዚህ ከአንዱ ናሙና ሁለት ነገር እንሠራለን፤ በመጀመሪያ ቀጥታ ስላይድ፣ ቀጥሎ በፎርሞል ኢተር ማጠራቀም። አንዱ ሌላውን አይተካም። ፎርሞል የሚንቀሳቀሱትን የአሜባና የጃርዲያ ትሮፎዞይቶች ይገድላል፤ ከዚያ በኋላ እንቅስቃሴ የሚባል ነገር አይታይም። ቀጥታ ስላይድ ደግሞ ጥቂት እንቁላል ያለበትን ሰው ያሳልፋል።

ናሙናው

እንደ ምሳሌ አንድ ወጣት እንያዝ፦ ዕድሜው 24፣ ሐይቁ ላይ መረብ ይጎትታል፣ ለሦስት ሳምንት ሆዱን ቁርጠት ይዞታል፣ አልፎ አልፎ ሰገራው ላይ ደም ያያል። ከጠዋቱ 2፡30 የተቀመጠውን ሰገራ 2፡50 ላይ አምጥቷል። ሰዓቱን ዕቃው ላይ ጻፉ። ፈሳሽ ሰገራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ለስላሳው በአንድ ሰዓት ውስጥ ስላይድ ላይ መዋል አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ትሮፎዞይት ይሞታል፣ ይሟሟል፣ ወይም ቅርጹ ጠፍቶ ነጭ የደም ሴል ይመስላል። ድርቅ ያለው ሰገራ በአብዛኛው ሲስትና እንቁላል ስለሚይዝ ትንሽ ይታገሣል፤ ሆኖም በሐዋሳ ሙቀት እስከ ማግስቱ ጠረጴዛ ላይ ካደረ የሁክዎርም እንቁላል ተፈልፍሎ ላርቫ ይሆንባችኋል። ያን ጊዜ ስትሮንጊሎይድስ ነው ብሎ መሳሳት ቀላል ነው።

ለበሽተኛው ዕቃውን ስትሰጡ ሦስት ነገር ንገሩት፦ ሽንት እንዳይቀላቀልበት፣ ከመሬት ላይ እንዳያነሳ፣ የአውራ ጣት ራስ ያህል እንዲያመጣ። ሽንት ትሮፎዞይትን ይገድላል። አፈር ደግሞ በነጻነት የሚኖሩ ትናንሽ ትሎች አሉት፤ እነሱም ስላይዳችሁ ላይ ሲሳቡ ታገኟቸዋላችሁ። አራተኛ ጥያቄም አለ፦ «መድኃኒት ወስደሃል?» ብዙ ሰው ላቦራቶሪ የሚመጣው ከፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል ገዝቶ ከዋጠ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጃርዲያው ወይም አሜባው ለጊዜው ሊሰወር ስለሚችል ሁለት ሳምንት ቆይቶ እንዲመለስ መንገር፣ ካልሆነም ውጤቱ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

ማይክሮስኮፑ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ናሙናውን በዓይን ተመልከቱ። የወጣቱ ሰገራ ለስላሳ ነው፤ በአንድ ጎኑ ደም ያለበት ዝልግልግ ተጣብቆበታል። ይህንን ጻፉት። ቀጥታ ስላይድ የሚሠራው ከዚያ ዝልግልግ ነው፤ አሜባ ካለ የሚገኘው እዚያ ነውና። ለማጠራቀም የሚወሰደው ግን ከተለያየ ቦታ፣ ከላይም ከውስጥም ተነካክቶ መሆን አለበት፤ እንቁላል ሰገራ ውስጥ እኩል አይበተንም።

ቀጥታ ስላይድ

አንድ ስላይድ ላይ በግራ አንድ ጠብታ ኖርማል ሳላይን፣ በቀኝ አንድ ጠብታ አዮዲን አኑሩ። ሳላይኑ 0.85 በመቶ ነው፤ 8.5 ግራም ንጹህ ጨው በአንድ ሊትር የተጣራ ውኃ። የቧንቧ ውኃ አይተካውም። ውኃ ትሮፎዞይትን ያፈነዳል፤ የቢልሃርዝያ እንቁላል ደግሞ ጨው የሌለበት ውኃ ሲያገኝ ሐይቅ የገባ ያህል ይፈለፈላል። የሳላይን ጠርሙስ ለሳምንታት ክፍት ሆኖ ሲቆይ ፈንገስና የሚዋኙ ተሕዋስያን ያበቅላል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ መጀመሪያ ሰገራ ያልነካውን አንድ ጠብታ ሳላይን ብቻውን አይታችሁ አረጋግጡ። አዮዲኑ የሚዘጋጀው 5 ግራም አዮዲንና 10 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ውስጥ በማሟሟት ነው፤ ለሥራ የሚውለው ከዚህ ላይ አንድ እጅ በአምስት እጅ ውኃ የቀጠነ ነው። ቀለሙ እንደ ወፍራም ሻይ ካልሆነ አርጅቷልና ጣሉት። ሳይቀጥን የተጠቀማችሁበት እንደሆነ ደግሞ ሰገራው ይጓጉላል፣ ሲስቶቹም ከሚታይ በላይ ይጠቁራሉ።

በአፕሊኬተር ጫፍ ከዝልግልጉ ትንሽ ነክታችሁ በመጀመሪያ ሳላይኑ ውስጥ፣ ቀጥላችሁ አዮዲኑ ውስጥ በጥብጡ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ አዮዲን የነካው አፕሊኬተር ሳላይኑ ውስጥ ከገባ የሚንቀሳቀሰውን ይገድላል። ከቨር ስላይዱን በማዕዘን ይዛችሁ በቀስታ አውርዱት፤ በድንገት ከወደቀ አየር ይገባል። መጠኑ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ስላይዱን ጋዜጣ ላይ አስቀምጡት፤ ፊደሉ ደብዘዝ ብሎ ከተነበበ ልክ ነው። ጭራሽ ካልተነበበ ወፍራም ነው፤ እንቁላሉ በቆሻሻ ይሸፈናል። እንደ ባዶ ስላይድ ጥርት ብሎ ከተነበበ ደግሞ ያችኑ 2 ሚሊግራም እንኳ አላኖራችሁም።

አሁን ኮንደንሰሩን ዝቅ አድርጉ፣ አይሪሱን ጥበቡት። ይህን ነጥብ ደግሜ እላለሁ፤ ተማሪዎች በብዛት የሚስቱት እዚህ ጋ ነውና። ብርሃኑ በጣም ደማቅ ሲሆን ቀለም የሌለው የጃርዲያ ሲስትና ስስ ቅርፊት ያለው የሁክዎርም እንቁላል በብርሃኑ ውስጥ ይጠፋሉ። ጨለም ሲል ጠርዛቸው ብቅ ይላል። በ10 ኦብጀክቲቭ ከግራ ላይኛው ማዕዘን ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፣ አንድ እይታ ወደ ቀኝ ተሻገሩ፣ ወደ ላይ ውጡ። አንዱ እይታ 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ካለው፣ 22 ሚሊ ሜትር የሆነውን ከቨር ስላይድ ለመጨረስ 12 ገደማ መውጣትና መውረድ ይጠይቃል። መሐሉን ብቻ አይቶ መነሳት ምርመራ አይባልም። የሚያጠራጥር ነገር ስታገኙ ወደ 40 ቀይሩ፤ በ40 ስትሠሩ አይሪሱን ትንሽ ክፈቱ። 100ኛውንና ዘይቱን ተዉት፤ ለእርጥብ ስላይድ አይሆንም።

የወጣቱ ሳላይን ላይ ቀይ የደም ሴሎች አሉ፣ ነጭ የደም ሴሎችም እዚህም እዚያም። የሚንቀሳቀስ አሜባ የለም። በ40 ላይ ግን ክብ፣ የሚያንጸባርቅ ሲስት አለ። ወጣቱ ደም እያየ ስለመጣ እጅ ወዲያው «አሜባ» ብሎ ለመጻፍ ይቸኩላል። ቆዩ፤ ሲስቱን ወደ አዮዲኑ ወስደን እንቆጥረዋለን።

አሜባ ነው ወይስ አሜባ መሰል?

በአገራችን «አሜባ አለብህ» ያልተባለ ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ከተባሉት መካከል ግን ስንቱ በእርግጥ እንዳለበት መጠየቅ ይገባል። ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛው ነጭ የደም ሴልና ማክሮፋጅ ነው፤ ሁለተኛው ጉዳት የማያደርሰው ኢንታሜባ ኮላይ ነው።

ሲስት ስታዩ በመጀመሪያ ለኩ። ማይክሮስኮፑ ላይ የዓይን መለኪያ ካለ አንዱ መስመር በ40 ኦብጀክቲቭ ስንት ማይክሮን እንደሆነ አስቀድማችሁ በመለኪያ ስላይድ አስተካክሉ፤ ቁጥሩንም ጽፋችሁ ማይክሮስኮፑ አንገት ላይ ለጥፉ። መለኪያ ከሌላችሁ አጠገቡ ያለው ቀይ የደም ሴል ይረዳችኋል፤ ስፋቱ 7 ማይክሮን ገደማ ነው። የኢንታሜባ ሂስቶሊቲካ ሲስት አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ማይክሮን ሲሆን፣ ከ1 እስከ 4 ኒውክለስ ይይዛል። የኢንታሜባ ኮላይ ከ15 እስከ 25 ሆኖ ሲበስል 8 ኒውክለስ ይኖረዋል። ከ10 በታች ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳት የማያደርስ አሜባ፣ ኢንታሜባ ሃርትማኒ ሊሆን ይችላል።

ኒውክለስ መቁጠር አንድ ላይ ፎከስ አድርጎ መቆም አይደለም። ሲስት ኳስ ስለሆነ ኒውክለሶቹ በተለያየ ጥልቀት ላይ ናቸው፤ ፋይን ፎከሱን ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ እያላችሁ ስታዞሩ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይወጣል። በወጣቱ አዮዲን ላይ ሲስቱ 19 ማይክሮን ነው፤ በላይኛው ፎከስ ሦስት፣ ወረድ ሲባል ሌላ ሁለት፣ ከታች ደግሞ ሁለት ኒውክለስ ታዩ። ከአራት አለፉ ማለት ነው። ኢንታሜባ ኮላይ ነው፤ ሰውየው የተበከለ ነገር መብላቱን ወይም መጠጣቱን ይናገራል፣ ደሙን ግን አያብራራም።

ከ4 ያልበለጠ ኒውክለስ ያለው በመጠኑም የሚገጥም ሲስት ብታገኙስ? ያን ጊዜም «ሂስቶሊቲካ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ጉዳት የማያደርሰው ኢንታሜባ ዲስፓር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፍጹም መንታው ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ «የኢንታሜባ ሂስቶሊቲካ/ዲስፓር ሲስት ታይቷል» ነው። ሂስቶሊቲካ ነው ለማለት የሚያስደፍረው ትኩስ ሰገራ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄደ፣ ሆዱ ውስጥ ቀይ የደም ሴል የዋጠ ትሮፎዞይት ማየት ነው። ማክሮፋጅም ቀይ ሴል ይውጣል፤ እሱ ግን እንደ አሜባ እየተዘረጋ አይሄድም፣ ኒውክለሱም ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው። ነጭ የደም ሴል ደግሞ ኒውክለሱ የተከፋፈለ፣ ጠርዙ ሻካራ ነው።

ጃርዲያ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ሲስቱ ሞላላ ነው፤ ርዝመቱ ከ11 እስከ 14 ማይክሮን አካባቢ ሆኖ በአዮዲን ውስጡ ቁመቱን የሚያቋርጡ ክሮችና ወደ አንድ ጫፍ የተሰበሰቡ ኒውክለሶች ይታዩበታል። ትሮፎዞይቱ በሳላይን ላይ የሚረግፍ ቅጠል እየተገላበጠ እንደሚወርደው ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም። ጃርዲያ በየቀኑ አይወጣም። በማጠራቀም ጊዜም ሲስቱ በከፊል ሊጠፋ ስለሚችል በጃርዲያ የጠረጠራችሁትን ሰው የሚያድናችሁ ኢተሩ ሳይሆን ቀን እየዘለለ የሚሰጠው ሁለተኛና ሦስተኛ ናሙና ነው።

የስታርች ነገርም አለ። ቆጮና ቡላ በሚበላበት አገር ሰገራ ውስጥ ያልተፈጨ ስታርች ሲገኝ በሳላይን ላይ ሲስት ይመስላል። አዮዲን ሲነካው ግን ወደ ሰማያዊና ጥቁር ይሄዳል፤ ሲስት ቢጫ ወይም ቡናማ ነው የሚሆነው። የእርሾ ሴልም ከሲስት ጋር ይምታታል፤ እሱን የሚያጋልጠው ጎኑ ላይ የሚያቆጠቁጠው ትንሽ እብጠት ነው።

ፎርሞል ኢተር

የሚያስፈልገው፦ 10 በመቶ ፎርሞል (ከገበያ የሚገዛው ፎርማሊን አንድ እጅ፣ ውኃ ዘጠኝ እጅ)፣ ዳይኢታይል ኢተር ወይም ኢታይል አሲቴት፣ ጋዝ ጨርቅ፣ 15 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጫፉ ሾጣጣ ቲዩብ ከነክዳኑ፣ ሴንትሪፊውጅ። ቲዩቡ ብርጭቆ ወይም ፖሊፕሮፒሊን ይሁን፤ ፖሊስታይሪን የተባለውን ጠራራ ፕላስቲክ ኢተርም ኢታይል አሲቴትም ይበሉታል። ኢተር እሳት ከሩቅ ይጠራል፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ጠረጴዛውን ይዞ ይሄዳል። በዚያ ክፍል ውስጥ ስፒሪት መብራትም የቡና ምድጃም አይለኮስ፣ መስኮቱ ይከፈት። ምርጫ ካላችሁ ኢታይል አሲቴት ይሻላል፤ እሱም ይቀጣጠላል እንጂ እንደ ኢተሩ የከፋ አይደለም።

1. ከተለያየ ቦታ የተነካካ 1 ግራም ሰገራ 4 ሚሊ ሊትር ፎርሞል ባለበት ዕቃ ውስጥ እስኪሟሟ በጥብጡ፤ ከዚያ ሌላ 3 ሚሊ ሊትር ጨምራችሁ አነቃንቁ። ብዙ ሰገራ መጨመር ብዙ እንቁላል ያመጣል ብላችሁ አታስቡ፤ ዝቃጩ ይቆሽሽና እንቁላሉ ተሸፍኖ ይቀራል።

2. በሁለት ድርብ ጋዝ ጨርቅ ወደ ቲዩቡ አጥልሉ። አራት ድርብ ካደረጋችሁ እንቁላሉም ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ በተለይ በዝልግልግ የተያዘው የቢልሃርዝያ እንቁላል።

3. 3 ሚሊ ሊትር ኢተር ጨምሩ፣ ክደኑ፣ ለአንድ ደቂቃ አጥብቃችሁ ናጡ። በየመሐሉ ክዳኑን ከፊታችሁ አርቃችሁ ላላ አድርጉ፤ ትነቱ ግፊት ይፈጥራልና። ኢተሩ የሚሠራው ስቡንና ቀላሉን ቆሻሻ ይዞ ወደ ላይ መውጣት ነው፤ በሚገባ ካልተናጠ ይህን አይሠራም።

4. ክዳኑን አውጥታችሁ፣ ተቃራኒውን ቲዩብ በእኩል ክብደት አመዛዝናችሁ፣ በ500 ጂ ኃይል ለ2 እስከ 3 ደቂቃ አሽከርክሩ። ሴንትሪፊውጁ ላይ የሚጻፈው ግን የዙር ቁጥር ነው፤ በዚህ ቀመር ታሰሉታላችሁ፦

```
RCF = 1.118 × 10⁻⁵ × r × rpm²
```

እዚህ ላይ r ከመሽከርከሪያው መሐል እስከ ቲዩቡ ጫፍ ያለው ርቀት በሴንቲ ሜትር ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 1,700 ዙር በደቂቃ 485 ጂ አካባቢ ይሰጣል፤ ይበቃል። የሌላ ላቦራቶሪ ቁጥር አትዋሱ፤ የእነሱ ሴንትሪፊውጅ ክንዱ አጭር ሊሆን ይችላል።

5. ቲዩቡ ሲወጣ አራት ንብርብር ይኖረዋል፤ ከላይ ኢተር፣ ቀጥሎ የቆሻሻ ክዳን፣ ከዚያ ፎርሞል፣ ከታች ዝቃጭ። የቆሻሻው ክዳን ከቲዩቡ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። በአፕሊኬተር ዙሪያውን አላቁትና ሦስቱን የላይኛ ንብርብሮች በአንድ ጊዜ ገልብጣችሁ ድፉ። እጃችሁ ከተንቀጠቀጠና ቲዩቡን ቀና ካደረጋችሁት ቆሻሻው ተመልሶ ዝቃጩ ላይ ይወርዳል። አፉ እንደተደፋ ሳለ ግድግዳውን በጥጥ ጥረጉት።

6. ታች የቀረችውን ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ዝቃጭ አነቃንቃችሁ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርጉ፣ ክደኑት፣ እንደ ቀጥታ ስላይዱ ዳር እስከ ዳር አንብቡት። ሲስት ከታየ በከቨር ስላይዱ ጠርዝ አንድ ጠብታ አዮዲን አስገቡ።

ሂሳቡን እንደገና እንሥራው። በ1 ግራም ውስጥ 100 እንቁላል ነበር። በጨርቁና በቆሻሻው ግማሹ ቢጠፋ እንኳ 50 ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ግማሽ ሚሊ ሊትሩ አሥር ጠብታ ቢወጣው በአንዱ ጠብታ ውስጥ አምስት እንቁላል ይኖራል። ቀደም ሲል አንድ እንቁላል ለማግኘት አምስት ስላይድ ያስፈልግ ነበር።

ዝቃጩ ራሱ ሥራው እንዴት እንደሄደ ይናገራል። የቆሻሻ ክዳን ጭራሽ ካልተሠራ አልተናጠም ወይም ኢተሩ አንሷል። ዝቃጩ ከአንድ ሚሊ ሊትር በላይ ወፍራም ከሆነ ሰገራው በዝቷል ወይም ጨርቁ ተቀዷል፤ ፎርሞልና ኢተር ጨምራችሁ አንድ ጊዜ መድገም ይቻላል። እንቁላል እንዳለው የሚታወቅ ሰገራ በፎርሞል አስቀምጡ፤ አዲስ የኢተር ወይም የፎርሞል ጠርሙስ በከፈታችሁ ቁጥር እሱን አሳልፉ። እንቁላሉ ከጠፋ ችግሩ በሽተኛው ጋ አይደለም።

ኢተር ሲያልቅ በጨው ማንሳፈፍ ርካሽ ስለሆነ ወደዚያ የሚያዘነብሉ አሉ። ለሁክዎርምና ለፍሬያማ አስካሪስ ይሠራል። የሺስቶሶማ እንቁላል ግን ስለሚከብድ አይንሳፈፍም፤ ሐይቅ ዳር ላለ ላቦራቶሪ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ኢተርም ሴንትሪፊውጅም ከሌለ ሰገራውን በብዙ ሳላይን በጥብጦ፣ አጥልሎ፣ እያስረጉና የላዩን እየደፉ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ይሻላል። በሳላይን እንጂ በውኃ አይሁን።

የተደፋውን ፎርሞል በረኪና ባለበት ባልዲ ውስጥ አትጨምሩ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጎጂ ጋዝ ይወጣል። ለየብቻ ክዳን ባለው ዕቃ ይጠራቀሙ።

ዝቃጩ ላይ የሚገኙት

የወጣቱ ዝቃጭ በ10 ኦብጀክቲቭ አራተኛው መስመር ላይ ትልቅ፣ ቢጫማ፣ ሞላላ ነገር አሳየ። ርዝመቱ 145፣ ስፋቱ 60 ማይክሮን። የሺስቶሶማ ማንሶኒ እንቁላል ከ114 እስከ 180 ማይክሮን ስለሚረዝም በመጠኑ ሌላ ብዙ የሚወዳደረው የለም። ነገር ግን የጎን እሾሁ አይታይም። እዚህ ላይ ብዙዎች ወይ «አርቲፋክት» ብለው ያልፉታል ወይ በግምት ይጽፋሉ። እሾሁ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ዞሮ ሊሆን ስለሚችል በአፕሊኬተር ጫፍ ከቨር ስላይዱን ጠርዙ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። እንቁላሉ ይንከባለላል። የዚህኛው ሁለተኛው ምት ላይ ተገለበጠና ከአንዱ ጫፍ ጠጋ ብሎ ጉልህ እሾህ ከጎኑ ወጣ። ጠብታው እስኪያልቅ ሌሎች ሦስት ተገኙ።

ከዚያ ወደ ቀረው ትኩስ ሰገራ ተመልሰን አንድ ሁለት ተጨማሪ የሳላይን ስላይድ እንሠራለን። ምክንያቱም ፎርሞል የነካው እንቁላል ሕያው ይሁን የሞተ አይለይም። ትኩሱ ላይ እንቁላል ከተገኘ በ40 ውስጡን ተመልከቱ፤ ሚራሲዲየሙ ሲንቀሳቀስ ወይም ፍሌም ሴሎቹ ሲርገበገቡ ከታየ ኢንፌክሽኑ ሕያው ነው። ከዚህ ቀደም ለታከመ ሰው ይህ ወሳኝ ነው፤ የሞተ እንቁላል ከሕክምና በኋላም ለሳምንታት ሊወጣ ይችላልና።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ሁክዎርም ከ60 እስከ 75 ማይክሮን የሚረዝም፣ ቅርፊቱ ስስና ጥርት ያለ፣ ውስጡ የተከፋፈሉ ጥቂት ሴሎች ያሉት ነው፤ በሴሎቹና በቅርፊቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ መለያው ነው። አስካሪስ ቡናማ ሆኖ ላዩ ጎርበጥባጣ ነው። ያልዳበረው ግን ረዘም ይላል፣ 90 ማይክሮን ገደማ፣ ውስጡ በቅንጣት የተሞላ፤ ብዙ ጊዜ እንደ ቆሻሻ ታይቶ ይታለፋል። ጎርበጥባጣው ሽፋን የተላጠበት አስካሪስ ደግሞ ሁክዎርም ይመስላል፤ የቅርፊቱን ውፍረት ተመልከቱ፣ የአስካሪስ ወፍራም ነው። ትሪኩሪስ በርሜል ሆኖ በሁለቱም ጫፍ ቡሽ ስላለው አያሳስትም። ታኒያ ክብ፣ ቡናማ፣ ወፍራም ቅርፊቱ በጨረር መሰል መስመሮች የተሞላ፣ ውስጡ ስድስት መንጠቆ ያለው ነው። ቁርጥ የሚወድ ሰው ላይ ስናገኘው የበሬ ኮሶ ነው ማለት ይቀናናል፤ በእንቁላል ብቻ ግን ከአሳማው አይለይም። «የታኒያ ዝርያ» ብላችሁ ጻፉ፣ ጓንታችሁንም አታውልቁ፤ የአሳማው ኮሶ እንቁላል ሰውን በቀጥታ ይይዛልና። ሃይሜኖሌፒስ ናናም ስድስት መንጠቆ አለው፣ ነገር ግን ቀለም የለውም፤ በውስጠኛውና በውጨኛው ሽፋን መካከል ክሮች ይታዩበታል።

ላርቫ ከታየ የናሙናውን ሰዓት ተመልከቱ። ትኩስ ከሆነ ስትሮንጊሎይድስ ነው። ካደረ ደግሞ አፉን በ40 እዩ፤ የስትሮንጊሎይድስ የአፍ ቀዳዳ አጭር፣ የሁክዎርም ረዥም ነው።

ውጤቱ ሲጻፍ

የወጣቱ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ለስላሳ፣ ደምና ዝልግልግ ያለበት። ቀጥታ ስላይድ፦ ቀይና ነጭ የደም ሴሎች፣ የኢንታሜባ ኮላይ ሲስት። ፎርሞል ኢተር፦ የሺስቶሶማ ማንሶኒ እንቁላል ታይቷል።» ዘዴው መጻፉ የግድ ነው፤ ሐኪሙ የትኛው ውጤት ከምን እንደመጣ ማወቅ አለበት። ኢንታሜባ ኮላይ ሕክምና አይፈልግም፣ ቢሆንም ስሙን ሙሉ አድርጋችሁ ጻፉት፤ «ኢ ኮላይ» ብቻ ከተባለ ከባክቴሪያው ጋር ይምታታል፣ ታካሚውም ላልሆነ ነገር አንቲባዮቲክ ይውጣል።

የፎርሞል ኢተሩም ውጤት ባዶ ቢሆን ኖሮ በአሥር ቀን ውስጥ ቀን እየዘለለ ሁለት ተጨማሪ ናሙና እንጠይቀው ነበር። ደግሞ ወደ ሐይቁ መግባት የጀመረው መቼ እንደሆነ እንጠይቃለን፦ ቢልሃርዝያ እንቁላሉ ሰገራ ላይ የሚታየው ትሉ ቆዳን ሰንጥቆ ከገባ ወደ ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ሥራ የጀመረ መረብ ጎታች ሰገራው የቱንም ያህል ቢጠራቀም ገና ምንም አያሳይም፤ ለእሱ የሚጻፈው ከባዶ ውጤቱ ጎን ለጎን የሚመለስበት ሳምንት ነው።